በቅሎዋ ያልነበረችበት ሂሳብ

ባሌ ጉልላት ነገርን ፊት ለፊት መናገር ሞቱ ነበር። እግሩን የረገጠውን ሰው "ረግጠኸኛል" ከማለቱ በፊት የቤተሰቡን ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ሰውዬው በራሱ ጊዜ እግሩን እስኪያነሳ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት አንድ ሽማግሌ ሳያዩ የጋቢው ጫፍ ላይ ተቀመጡበት። "አባቴ፣ ጋቢዬን" ማለት ከብዶት ከጎናቸው ቁጭ ብሎ አመሸ። እኔ ቤት ሆኜ ምን ነካው እያልኩ ስብሰለሰል፣ እሱ ለካ ሽማግሌው ጠላቸውን ጨርሰው እስኪነሱ ነው የሚጠብቀው። እኔ ባዩሽ ደግሞ የሆዴን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዴት እንደተጋባን ዛሬም ሰው ይጠይቀኛል።

ሥራው ጉለሌ ዳገቱ ላይ በነበረ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ጸሐፊና ሂሳብ ያዥ ነበር። ቤቱ የሴት ልጆች ብቻ ነው። ያቋቋመው በስዊስ አገር ያለ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ የላካት፣ እኛ ማድሟዜል የምንላት ቀጭን ሴትዮ ታስተዳድረው ነበር። ጣልያን ከተማውን ሲይዝ እሷ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሄድ ቁልፎቹንና በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ለጉልላት አስረከበችው። ወረቀቱ በጀቱ ነው። ማኅበሩ በየስድስት ወሩ የሚልከው ገንዘብ ለእህል ይህን ያህል፣ ለወተት ይህን ያህል፣ ለልብስ፣ ለማገዶ፣ ለመድኃኒት፣ ለሠራተኛ ይህን ያህል ተብሎ ተደልድሎበታል። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጉልላት በእያንዳንዱ ርእስ ያወጣውን ጽፎ ከነማስረጃው ይልካል፤ እነሱም አይተው የሚቀጥለውን ይለቃሉ።

እኔም የዚያው ቤት ሰፊ ነበርኩ። የልጆቹን ቀሚስ ሁሉ በእጄ ነው የምሰፋው። የስፌት መኪና የሚባል ነገር በቤቱም በበጀቱም አልነበረም። ማታ ማታ መርፌ የበላውን ጣቴን ቅቤ ስቀባ ጉልላት አይቶ ዝም ይላል። ዝም ሲል ልብ ያላለ ይመስለኝ ነበር፣ በዚህም ብዙ ጊዜ ተቀይሜዋለሁ።

ሀብታችን አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። አባቱ ያወረሱት ናት። ቤታችን ቀጨኔ ስለነበር ከዚያ እስከ ማሳደጊያው ያለውን ዳገት እሷ ላይ ሆኖ ነው የሚወጣው። በቅሎ ላይ ሲቀመጥ ያ አንገቱን የሚደፋ ሰው ትንሽ ቀና ይልልኝ ስለነበር ዳማን እኔም እወዳት ነበር። ከገበያ ስመለስ ጎመን ቀንጥቤ ሳላጎርሳት ቤት አልገባም።

ጣልያን ከገባ በኋላ ዋጋው ሁሉ ጨርቁን ጥሎ አበደ። ማኅበሩ የሚልከው ገንዘብ ባንክ ሲደርስ በሊሬ ይመነዘራል። ከሱሉልታና ከሰላሌ ጤፍ የሚያመጣው ገበሬ ግን ሊሬውን ገልበጥ አድርጎ ያይና የለመደውን ጠገራ ብር ይጠይቃል፤ በሊሬ እሰጣለሁ ካለም ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ጣልያን ሊሬ አልቀበልም ያለውን ስለሚያስር ነገሩን ጮክ ብሎ የሚያወራው አልነበረም። ጤፉ ብቻ በየሳምንቱ ይወደዳል።

ከዚያ የሃያ ዘጠኙ የካቲት መጣ። ስለነዚያ ቀኖች እዚህ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በማሳደጊያው በር ላይ አዳዲስ ልጆች መቆም ጀመሩ። አንዷን አክስቷ ታመጣታለች፣ ሌላዋን ጎረቤት፣ አንዳንዷም ታናሿን አዝላ ብቻዋን ትመጣለች። ጉልላት አንዷንም አልመለሰም። በር ላይ የቆመችን ልጅ "በጀት ውስጥ የለሽም" አይባልም። እኔም ያለውን ጨርቅ እያሳጠርኩ፣ ከአንዱ ቀሚስ ሁለት እያወጣሁ እሰፋ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ጉልላት በእግሩ መሄድ ጀመረ። በቅሎዋስ ብዬ ብጠይቀው፣ "ሱሉልታ ወንድሜ ለታ ዘንድ ሣር ትብላ ብዬ ሰድጃታለሁ" አለኝ። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ እንኳ ጫማውን በእጁ ይዞ ይመጣል። ምነው ስለው መራመድ ለጤና ጥሩ ነው ይለኛል። እኔ ሞኟ አመንኩት፤ ውሸት ከአፉ ወጥቶ ስለማላውቅ።

ሐምሌ ላይ ከገበያ ስመለስ እንጨት ነጋዴው ደበላ ዳማዬ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ሲመጣ አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እሷ ግን ወዲያው አወቀችኝ። መንገዱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። ደበላ ቢኮረኩራት፣ ቢያባብላት፣ ወይ ፍንክች። ቀስ ብላ መጥታ አፍንጫዋን ዘንቢሌ ውስጥ ከታ ጎመኔን ትበላ ጀመር። ደበላ ጨዋ ሰው ነው፤ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና፣ ባለቤቴ ራሳቸው በጠገራ ብር እንደሸጡለት፣ ዋጋም እንዳልተከራከሩ፣ ብሩን ይዘው በቀጥታ ወደ ጤፍ በረንዳ እንደሄዱ ነገረኝ። ደሜ ፈላ።

በደህናው ጊዜ ጉልላትን አንተ ነው የምለው። አንቱ ካልኩት ተናድጃለሁ ማለት ነው፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንቱ ስለው መጀመሪያ የሚፈልገው መቀመጫ ነው። ያን ቀን ገና ከበሩ ሲገባ፣ "አንቱ ሰውዬ፣ በቅሎዎ ሱሉልታ ሣሩ ተስማማት?" አልኩት። ባርኔጣውን ሳያወልቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ቀስ በቀስ አወጣሁት። የእህሉ ገንዘብ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ልጆቹ ደግሞ ሆድ አላቸው። በቅሎዋን ሸጦ ጤፍ ገዛ። ታዲያ ለሴትዮዎቹ ለምን አልጻፉም ብዬ ስጮህበት፣ ሰው በጎ ሲያደርግልሽ አነሰኝ ይባላል ወይ ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የላከውን ሂሳብ እንዴት እንደጻፈው ስሰማ ጭራሽ እኔም መቀመጫ ፈለግሁ። ለእህል ይህን ያህል ብለው ሰጥተውናል፣ ይህንኑ ያህል በላን ብሎ ጻፈ። ለማገዶ የሰጡትን ለማገዶ፣ ለልብስ የሰጡትን ለልብስ። ከዚያ በላይ የወጣውን በሙሉ በቅሎዋ ከፈለችው፤ በቅሎዋ ግን ሂሳቡ ውስጥ የለችም። ሸኚ ደብዳቤው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነበር።

የወተቱን ነገር ስሰማ ግን ቁጣዬ ሳልወድ በግድ ወደ ሳቅ ተለወጠ። የዚያ ጊዜ ሁዳዴ የስድስት ወሩ መሀል ላይ ነው የዋለው። ልጆቹ ጾመኞች ናቸው፣ ወተት አይቀምሱም። ስለዚህ የወተቱ ገንዘብ ተረፈ። ጤፍ ደግሞ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን በወተቱ ገንዘብ ጤፍ ይገዛበታል። ጉልላት ግን ለወተት የተሰጠ ለወተት ነው ብሎ በየቀኑ ወተቱን እየገዛ ለሰፈሩ አራስና ሕፃን ሲያድል ከረመ። ጉለሌ ውስጥ በዚያ ሁዳዴ ያልወፈረ ሕፃን አልነበረም። የወተቱ ርእስ በሳንቲም ሳይዛነፍ ሞላ፣ ባሌ ደግሞ በቅሎውን ሸጠ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከሱ በቀር የሚያስበው ያለ አይመስለኝም።

ነሐሴ ላይ የማኅበሩ መልስ መጣ። ጉልላት አንብቦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ቀና ማለት አቃተው። ተርጉምልኝ አልኩት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ "ሂሳባችሁ ደርሶናል። እኛ ከፈቀድነው ጋር በአንዲት ሳንቲም እንኳ አይለይም። በዚህ የምናነበው ጋዜጣ ግን በከተማችሁ የእህል ዋጋ እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ትክክል አይደለም። እውነተኛው ወጪ ከምክንያቱ ጋር እስኪደርሰን ድረስ የሚቀጥለው ገንዘብ ባንክ ይቆያል። ማብራሪያው ካላረካን ቤቱ እንዲዘጋ ለጉባኤው እናቀርባለን።"

"ሌባ መሰልኳቸው፣ ባዩሽ" አለኝ። ድምፁ አንጀቴን በላው። ጎተራው ውስጥ የቀረው ጤፍ ከዘመን መለወጫ የሚያሻግር አልነበረም። ቤቱ ቢዘጋ ያ ሁሉ ልጅ የት ይሄዳል? የካቲት ላይ በዚያ በር የገቡት በየትኛው በር ይወጣሉ? ያን ሁሉ ንዴቴን ረስቼ፣ በል እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ፣ እኔም ከጎንህ ነኝ አልኩት።

እሑድ ገበታውን ጠርጌ ብዕርና ቀለሙን አቀረብኩለት። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቀሚስ እሰፋለሁ። ረዘም ያለ ጊዜ ከጻፈ በኋላ ጤፉ ጋ ደረስክ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ገና ሰላምታው ላይ ነኝ አለ። ቀና ብዬ ባየው ገጹን ሙሉ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ዞሯል። ሴትዮዎቹ ጤናቸውን ራሳቸው ያውቁታል፣ እኛ ዘንድ የጠፋው ጤፍ ነው አልኩት። ሳቀና ወረቀቱን አጥፎ ለማገዶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው ሥራውን የጀመረው፤ ከዚያ በኋላማ እኔ የምጨምርለት ብዙም አልነበረም። ሥራውን ያውቃል፣ የጎደለው ድፍረት ብቻ ነው።

አዲስ ወረቀት አወጣና በአራት ከፈለው፦ የተፈቀደው፣ የወጣው፣ ልዩነቱ፣ ምክንያቱ። የእህሉን ርእስ ሁለት አድርጎ ለየው። መጀመሪያ ልጆቹ በፊት የነበሩት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዋጋው በመወደዱ ብቻ ስንት ይጨምር እንደነበር አሰላ፤ ቀጥሎ አዳዲሶቹ ልጆች በበሉት የጨመረውን ለብቻው ጻፈ። ሁለቱ ከተደባለቁ ነጋዴው አታለለህ ይሉኛል አለኝ። ገበያ ላይ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ግዢ በወረቀት ጽፎ ሻጩን በጣቱ ያስፈርማል፣ የደብሩን ገበዝ አባ ስብሐትን ምስክር ያደርጋል። ሻጮቹ በጣታቸው የፈረሙባቸውን ወረቀቶች በየወሩ ለይቶ አሰራቸው። የሊሬውንና የጠገራውን ጣጣ እንዳለ መጻፍ አይቻልም፣ ደብዳቤ ሁሉ ፖስታ ቤት ተከፍቶ ይነበባልና። ስለዚህ የባንኩን የምንዛሪ ወረቀትና የጤፉን የየወሩን ዋጋ ጎን ለጎን አደረጋቸው። አንብቦ የሚያስብ ሰው ይገባዋል አለኝ።

የልጆቹ ቁጥር ጋ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። ለምን ጨመሩ ቢሉስ? አለኝ። እውነቱን ከጻፍን እኛም እንጠፋለን፣ ካልጻፍን ደግሞ ልጅ የፈጠርን ይመስላል። መርፌዬን አቁሜ አየሁት። በመጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈና ተርጉሞ አነበበልኝ፦ "ከየካቲት ወር ወዲህ የልጆቹ ቁጥር ጨምሯል። የአዲሶቹ ወላጆች በዚያ ወር አርፈዋል።" ከዚያ በታች የልጆቹን ስምና የመጡበትን ቀን በዝርዝር አስገባ። እኔ ስሞቹን አንድ በአንድ ስሰማ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ ፊደሉ ግን ስለተበላሸበት ያን ገጽ እንደገና ጻፈው።

ወተቱ ላይ ተጣላን። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ይህንስ ሞቼ ነው የምጽፈው አለ። ካልጻፍከው ጾመኛ ልጆች ወተት ጠጡ ብለህ ልትዋሽ ነው ወይ አልኩት። ወተቱ ተገዝቷል፣ ዋጋው እውነት ነው ብሎ ተከራከረኝ። ማን ጠጣው ቢሉህስ ስለው ጻፈው። በሁዳዴ የተረፈው ወተት ለሰፈሩ ሕፃናት መታደሉን፣ ከእንግዲህ በጾም ወራት የወተቱ ገንዘብ ለእህል እንዲውል ፈቃድ እንደሚለምን አስገባ።

የቀረችው በቅሎዋ ናት። እሷ ካልገባች እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እሱ ደግሞ የሰጡኝን ሰዎች የኔንም ክፈሉ ማለት ይሆንብኛል አለ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ድምሩን ሠራ። ከማኅበሩ የገባው ገንዘብ ከወጣው ያንሳል። ብዕሩ ድምሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ራሱ ለራሱ፣ ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ ይሉኛል አለ። ከገባው በላይ የወጣበት ሂሳብ ምንጩ ካልተነገረ ሌላ የተደበቀ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ሳልጠይቀው ገቢው ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ "የጸሐፊው በቅሎ ተሽጣ የተገኘ።" ብድር ነው በል አልኩት። ስጦታ ነው አለኝ። ብድርም ስጦታም ሳይል መስመሯን እንዳለች ተዋት።

መጨረሻ ላይ የጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "ባለፈው የላክሁት ሂሳብ የእናንተን ገንዘብ በትክክል ያሳይ ነበር፤ የቤቱን ኑሮ ግን አያሳይም ነበር። ከፈቀዳችሁት በላይ ሳወጣ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹን ግን አትቅጡብኝ።" ፈርሞ ወደ እኔ ገፋው። ያን ሁሉ ዓመት ጋቢውን ማስለቀቅ ያቃተው ሰው ይህን ጻፈ። ኮራሁበት፤ ነገርኩትም።

ፖስታ ቤት አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ቢሄድ ደግሞ ሰላምታ ይጨምርበታል ብዬ። ደብዳቤ የሚመረምረው ጣልያን አንድ የኛ ሰው አስተርጓሚ ከጎኑ አስቀምጦ ቅጠል በቅጠል ይገልጣል። የካቲት ያለችበት መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።  ወደ አስተርጓሚው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው እኛን ሳያይ አጭር መልስ ሰጠ። ምን እንዳለ አናውቅም፣ ስሙንም አናውቅም፤ እኔ ግን ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ። ጣልያኑ ገጹን ገለጠና በቅሎዋን ሲያነብ ከት ብሎ ስቆ ማኅተሙን መታ።

መስከረም ገባ፣ መልስ የለም። ጎተራው ባዶውን ቀረ። ጉልላት በዳገቱ ሲወጣ ከስቶ ሱሪው አልያዝ እያለው በአንድ እጁ ይዞ ይሄድ ነበር። ከመስቀል በፊት አንድ ጠዋት ጽጌረዳ የምትባል፣ በሁዳዴ አራስ የነበረች የማሳደጊያው ሰፈር ሴት፣ ልጇን አዝላ፣ ባቄላ በአቁማዳ ይዛ ማሳደጊያው በር ላይ ቆመች። ያን ያህል ወተት ልጄ ሲጠጣ ከርሞ ልጆቹ ጾማቸውን ያድራሉ ሲባል ሰማሁ አለች። በማግስቱ ሌላዋ ሽሮ ይዛ መጣች፣ ቀጥላ ሌላዋ ድንችና ጎመን። ሁሉም በሁዳዴ ወተት የወሰዱ እናቶች ናቸው። ወፋፍራም ልጆቻቸውን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ማየት ሠርግ ያስመስል ነበር። ጉልላት በር ላይ ቆሞ እየተቀበለ እያንዳንዱን በዓይነትና በመጠን ይጽፋል፤ ይህም የሚቀጥለው ሂሳብ ውስጥ ይገባል አለኝ። አሁን ገና ገባህ አልኩት።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤው መጣ። በር ላይ ቆመን ከፈትነው። ማብራሪያው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ከበጀቱ በላይ የወጣው ጸድቋል፣ የሚቀጥለው ገንዘብም በዋጋውና በልጆቹ ቁጥር ልክ ጨምሮ ተለቋል ይላል። ከእንግዲህ ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው ጥቂት ማዛወር በራሱ ሥልጣን ይቻላል፤ ብዙ ከሆነ አስቀድሞ ይጻፍልን ይላል። ስለ የካቲት ልጆች፣ ስማቸው በጉባኤው ላይ ተነቦ ሁላችንም ቆመን ሰማን ብላለች ሊቀ መንበሯ። ስለ ወተቱ ደግሞ ጉባኤው ብዙ እንደሳቀና ማንም ገንዘቡ ይመለስ እንዳላለ ጽፋለች። መጨረሻው ይህ ነበር፦ "ማኅበራችን በሠራተኛው በቅሎ ላይ ሆኖ በጎ አድራጊ መባል አይፈልግም። ዋጋዋን ለብቻ ልከናል። ይህ ገንዘብ በቅሎ መግዣ ነው።" ልቤ ቅቤ ጠጣ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እኛ ስንስቅ አይተው እልል አሉ።

ዳማን መልሰን እንግዛት ብለን ደበላን ፈለግነው። ደበላ ዳማን ይዞ ወደ ሰላሌ ከሄደ ወር ሆኖታል አሉን። በዚያ ዘመን በቅሎ ይዞ አርበኞች ወዳሉበት የሄደን ሰው ምን ሊሠራ ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እግዜር ይከተላት ብዬ ተውኩ። ጉልላት ቅዳሜ ገንዘቡን ቋጥሮ ሌላ በቅሎ ሊገዛ ወጣ። እኔ ጋጣውን ጠረግሁ፣ ገለባ ነሰነስኩ፣ ኮርቻውን ዘይት ቀባሁ። ጎመንም ቀንጥቤ በር ላይ ቆምኩ።

ወደ ማታ ገደማ በእግሩ መጣ። ከኋላው አንድ ተሸካሚ ትልቅ የእንጨት ሣጥን በጀርባው ይዞ ያለከልካል። በቅሎ የሚባል ነገር የለም። "አንቱ ሰውዬ፣ በቅሎዋ ሣጥን ውስጥ ናት?" አልኩት። ጉልላት መቀመጫውን ፈልጎ ተቀመጠ።  ከዚያ ብዕሩን አወጣና ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፍ ጀመር። ተሸካሚው ሣጥኑን አውርዶ ሁለታችንንም በተራ ያያል። ምን ሊያመጣ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅሁት።

ጽፎ ጨርሶ ሰጠኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬያለሁና አነበብኩት። ሰላምታ የለውም። እንዲህ ይላል፦

"የተፈቀደው፦ በቅሎ።

የተገዛው፦ የስፌት መኪና።

ልዩነቱ፦ የለም፣ ዋጋው እኩል ነው።

ምክንያቱ፦ ዳገቱን ለምጄዋለሁ። ማታ ማታ ጣትሽን ቅቤ ስትቀቢ ማየቱን ግን ስንት ዓመት ሙሉ ልለምደው አልቻልኩም። አስቀድሜ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። እኔ ሁልጊዜ አፌ የማይደክመው ሴት ወረቀቱን ይዤ ተሸካሚው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩና ከጽሑፉ በታች በተጣመመ ፊደሌ "ጸድቋል" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቦታ ስለተረፈም "ሁለተኛ ግን አስቀድመህ ጠይቅ" ብዬ ጨመርኩበት።